የምክክር ሕክምናና የጤና መድን ደብተር፦ ከመቂ ጤና ጣቢያ እስከ አማኑኤል ሆስፒታል

የጤና መድን የአእምሮ ሕክምናን ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ የመድን ሥርዓት ውስጥ ሽፋኑን የሚወስነው የበሽታው ስም ብቻ ሳይሆን፣ ታካሚው ስሙ በደብተሩ ላይ መኖሩ፣ የሚሄድበት ተቋም ከመድኑ ጋር ውል ያለው መሆኑ፣ በምን ወረቀት እንደተላከና የታዘዘለት መድኃኒት በተቋሙ መጋዘን ውስጥ መገኘቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በመቂና በዙሪያዋ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነዋሪ ዓይን ሲሆን፣ በተለይም «ስንት ጊዜ ብቻ ይፈቀድልኛል?» የሚለው ከውጭ አገር የመድን ልማድ የመጣ ጥያቄ በዚህ አካባቢ ምን መልክ እንደሚይዝ ያብራራል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው፣ በግብርና፣ በአነስተኛ ንግድና ቋሚ ደመወዝ በሌላቸው ሥራዎች የሚተዳደሩ ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው ዓመቱን ሙሉ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚታከሙበት ሥርዓት ነው። የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በተመረጡ 13 የሙከራ ወረዳዎች ሲሆን፣ ከኦሮሚያ አራት የሙከራ ወረዳዎች አንዱ ጊምቢቹ ነበር፤ ጊምቢቹም መቀመጫው መቂ ከተማ የሆነው ዱግዳ ወረዳ በሚገኝበት በዚያው በምሥራቅ ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። በሙከራው ዘመን በኦሮሚያ አንድ ቤተሰብ የሚከፍለው በወር 15 ብር ስሌት በዓመት 180 ብር ነበር፤ መዋጮው ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል፣ የቤተሰቡ ብዛትም ስለሚታይ ማንኛውም አባል የዘመኑን ልክ ከቀበሌው ማረጋገጥ ይኖርበታል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ተብለው በቀበሌ የተለዩ ቤተሰቦች መዋጮ ደግሞ በመንግሥት ይሸፈናል።

የመድኑ የጥቅም ዝርዝር፣ ማለትም አባሉ በመዋጮው ምትክ የሚያገኛቸው አገልግሎቶች፣ የተጻፈው በሰፋፊ ክፍሎች ነው፤ የተመላላሽ ሕክምና፣ የአስተኝቶ ሕክምና፣ የላቦራቶሪና ሌሎች ምርመራዎች፣ ቀዶ ሕክምናና በተቋሙ የሚሰጡ መድኃኒቶች ይካተታሉ። የውጭ አገር ሕክምና፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የሰው ሠራሽ ጥርስና የመነጽር ወጪ የመሳሰሉት ይቀራሉ። በዚህ አጻጻፍ መሠረት ድባቴ፣ ስኪዞፍሬኒያ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በጤና ጣቢያ ካርድ አውጥቶ ሲመረመር እንደማንኛውም የተመላላሽ ታካሚ ይቆጠራል፤ የጉብኝት ብዛትም አይቆጠርበትም። እንግዲህ «ስንት ጊዜ?» የሚለው ገደብ በወረቀቱ ላይ የለም፤ ገደቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ የአብዛኛው ቤተሰብ ችግርም ቦታውን የሚያገኘው ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ መሆኑ ነው።

መቂ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኝ፣ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትታወቅ ከተማ ናት። በመኸር ወቅት ጎዳናው ዳር ከረጢት የሚጭኑ አይሱዙዎች ይሰለፋሉ፣ ከእርሻው የሚመጣው ጋሪ ከባጃጁ ጋር መንገድ ይጋፋል፣ ደላላውም ዋጋ የሚቆርጠው በስልክ ነው። የአካባቢው ቤተሰብ ገንዘብ የሚኖረው ሽንኩርቱ ሲሸጥ፣ የሚቸገረው ደግሞ ዋጋ ሲወድቅ ወይም ለፓምፕ ነዳጅና ለዘር ሲያወጣ ነው፤ የመድን መዋጮም በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ የመክፈያው ወቅት ከዚህ የገንዘብ ኑሮ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ደብተሩ ሳይታደስ ያልፋል። ይህ ነጥብ ለአእምሮ ሕክምና ልዩ ክብደት እንዳለው ከታች ይታያል።

ጉዳዩን በተግባር ለማየት አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። አባት በመቂ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ያለማል፤ እናት ጉልት ትሸጣለች፤ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ልጆችና 12ኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ የ22 ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ወጣቱ ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሰው ይርቃል፣ ሌሊት አይተኛም፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኛል ይላል፣ ጎረቤቶቹ ሊጎዱት እንደሚያሴሩም ያምናል። እናቲቱ ደግሞ በልጇ ሁኔታ እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ አስጠልቷት፣ ለገበያ መውጣት ተስኗታል። ቤተሰቡ የታደሰ የመድን ደብተር አለው።

የመጀመሪያው እንቅፋት የሚገጥመው ከደብተሩ የስም ዝርዝር ላይ ነው። በመዋጮው የሚሸፈነው መሠረታዊ ቤተሰብ የሚባለው ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለው ልጅ ወይም አብሮ የሚኖር ዘመድ የሚካተተው ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎለት ስሙና ፎቶው ሲመዘገብ ነው። ይህ ደንብ ለብዙ በሽታዎች እምብዛም ባይከብድም፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ክፉ አጋጣሚ ይፈጥራል፤ ምክንያቱም እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያሉ ከባድ ሕመሞች በአብዛኛው የሚጀምሩት በጉርምስና መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ፣ ማለትም ልጁ በወላጆቹ ደብተር በቀጥታ መሸፈኑ ባበቃበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለው አባት ልጁን ይዞ ከመሄዱ በፊት ደብተሩን ገልጦ የልጁ ስም መኖሩን ማየት አለበት። ከሌለ፣ በዓመቱ አጋማሽ መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ወይም የሚቀጥለው የእድሳት ወቅት መጠበቅ ግድ እንደሆነ፣ ከተመዘገበም በኋላ አገልግሎቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰጥ ከቀበሌው የመድን አስተባባሪ ወይም ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል። በብዙ ወረዳዎች በክፍያውና በአገልግሎቱ መጀመሪያ መካከል የመቆያ ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚመጣ ሕመም ከኪስ ይከፈላል።

ሁለተኛው ደረጃ ጤና ጣቢያው ነው። የመድኑ ሥርዓት አባሉን በቅድሚያ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ያስገድደዋል፤ ከዚያም ካስፈለገ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። በዚህ ደረጃ ላይ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የአእምሮ ሐኪም አይደለም፤ የሚሰጡት የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለመሙላት ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው፤ እነዚህ ባለሙያዎች ድባቴን፣ ሳይኮሲስ የሚባለውን ከእውነታ የመለየት ሕመም፣ የሚጥል በሽታንና የአልኮል ሱስን በተዘጋጀ መመሪያ እየተመሩ ይለያሉ፣ መድኃኒት ያስጀምራሉ፣ ይከታተላሉ። ይህ አሠራር ደካማ ምትክ እንዳልሆነ ያረጋገጠው ጥናት የተካሄደው ከመቂ በስተ ምዕራብ በቡታጅራ አካባቢ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲታከሙ ከአንድ ዓመት በኋላ የነበራቸው ለውጥ፣ በሆስፒታል በሳይካትሪ ነርሶች ክትትል ከተደረገላቸው ታካሚዎች ለውጥ ያነሰ አልነበረም። በዚያው አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤተሰብ ከኪሱ የሚያወጣው የሕክምና ወጪ ኑሮውን ከሌሎች ቤተሰቦች በባሰ ሁኔታ እንደሚያናጋው አሳይተዋል።

ሆኖም ሥልጠናው የተቋሙ ሀብት ሳይሆን የሰው ሀብት ነው፤ የሠለጠነው ነርስ ሲዛወር እውቀቱ አብሮት ይሄዳል፣ ካርድ ክፍሉም ይህን አያውቅም። ማለዳ በካርድ ክፍሉ መስኮት የሚሰለፈው ታካሚ ወደ ማንኛውም ባዶ ክፍል ይመራል፤ ያልሠለጠነው ባለሙያም እንቅልፍ ማጣትና ድካምን በቫይታሚን ወይም በሕመም ማስታገሻ ይሸኛል። ስለዚህ በመስኮቱ የሚቀርበው ትክክለኛ ጥያቄ «የአእምሮ ሕክምና ትሰጣላችሁ?» የሚለው ሳይሆን፣ «የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደው ባለሙያ ማን ነው፣ በየትኞቹ ቀኖችስ ይገኛል?» የሚለው ነው።

የወጣቱ ሕመም ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ሦስተኛው ደረጃ ሪፈር ነው፤ ከመቂ የሚላክ ታካሚ ወደ ባቱ ወይም ወደ አዳማ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካስፈለገ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተና ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬም ብዙ ቤተሰቦች ጤና ጣቢያውንና የዞኑን ሆስፒታል ዘለው በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳሉ። ይህ መንገድ ለመድን አባል ውድ ነው። በሙከራው ዘመን በወጣው አሠራር ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሄደ አባል የሕክምናውን ግማሽ ወጪ ከኪሱ እንዲከፍል ይደረግ ነበር፤ ሆስፒታሉ ከወረዳው መድን ጋር ውል ከሌለው ደግሞ ሙሉው ወጪ በታካሚው ላይ ይወድቃል። ውል የሚለው ቃል እዚህ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ወረዳው አባሎቹን ያከመለትን ሆስፒታል ሒሳብ በየጊዜው ለመክፈል ከሆስፒታሉ ጋር የተፈራረመው ስምምነት ማለት ነው። የዱግዳ አባል በአዳማ ስለታከመ የአማኑኤል ሕክምናውም ይሸፈናል ብሎ ማሰብ የለበትም፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል በስሙ መጠየቅ አለበት።

የሪፈር ወረቀቱም ራሱ መነበብ ይገባዋል። የተላከበት ሆስፒታልና ክፍል በትክክል መጻፉን፣ ማኅተም ማረፉን፣ ለአንድ ጉብኝት ብቻ ይሁን ወይስ ለተከታታይ ቀጠሮ ማገልገሉን ከላኪው ባለሙያ መረዳት ያስፈልጋል፤ የአእምሮ ታካሚ በየወሩ የሚመለስ በመሆኑ፣ በየቀጠሮው አዲስ ወረቀት የሚጠየቅ ከሆነ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ መቂ ጤና ጣቢያ መመለስ ግድ ይሆናል። በተግባር የጉብኝት ገደብ ሆኖ የሚሠራው ይህ ነው፤ ደንቡ ቁጥር ባያስቀምጥም፣ የትራንስፖርቱ ወጪና አብሮት የሚሄደው ሰው የሚያጣው የሥራ ቀን በመድኑ ስለማይሸፈን፣ ቤተሰቡ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ይቀራል። መፍትሔው አለ፤ ሕመሙ ሲረጋጋ ክትትሉ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመለስ ሆስፒታሉን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፣ ይህም የግብረ መልስ ሪፈር ይባላል።

መድኃኒት አራተኛው ጉዳይ ነው። ለወጣቱ እንደ ሪስፐሪዶን ወይም ሃሎፐሪዶል፣ ለእናቲቱ እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ሊታዘዙ ይችላሉ፤ በተቋሙ ፋርማሲ ካሉ በመድኑ ይሰጣሉ። ከሌሉ፣ «የለም» የሚለው ማኅተም ያረፈበት ማዘዣ ተይዞ ወደ ውጭ መድኃኒት ቤት ይኬዳል። እዚህ ላይ ወረዳዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ ውል በገቡባቸው የከነማ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች እንዲወሰድ ያደርጋሉ፣ ሌሎች በደረሰኝ ይመልሳሉ፣ ሌሎችም አይመልሱም። ደረሰኝ የሚመለስ ከሆነ የታካሚው ስም በደብተሩ እንዳለው ሆኖ መጻፉ፣ ማዘዣው አብሮ መያያዙና የማቅረቢያ ጊዜው ማለፍ አለማለፉ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ በኋላ ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ከዚህም የሚብሰው የጊዜ ጉዳይ ነው። የድባቴ መድኃኒት ውጤቱ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ምልክቶቹ ከጠፉም በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያዛል። ይህ ማለት በአግባቡ የተሰጠ የድባቴ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ቢያንስ አንድ የመድን እድሳት ወቅትን ይሻገራል፤ የወጣቱ ሕክምና ደግሞ ብዙ እድሳቶችን ይሻገራል። ታካሚው ሲሻለው ቤተሰቡ ሕመሙ ያለፈ ስለሚመስለው፣ ሽንኩርቱም በዚያ ሰሞን ዋጋ ካላወጣ፣ መዋጮው ይዘለላል፤ መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ሕመሙ ሲያገረሽ ግን ደብተሩ ያልታደሰ ነው፣ አዲስ የመቆያ ጊዜም ይጠብቀዋል። ረጅም የአእምሮ ሕክምና የጀመረ ቤተሰብ የእድሳቱን ቀን ከቀጠሮው ቀን ጋር በአንድ ወረቀት ቢጽፍ፣ መዋጮውንም ከመጀመሪያው የሽንኩርት ሽያጭ ላይ ቢያስቀር፣ ከዚህ አደጋ ይድናል።

አሁን ወደ ምክክር ሕክምና እንመለስ። ይህ ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያና በታካሚ መካከል በተወሰነ ዓላማ፣ በቀጠሮ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ንግግር ሲሆን፣ ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ እንዲሁም ለጭንቀት መድኃኒትን ሊተካ ይችላል። በምሳሌያችን ለእናቲቱ የሚጠቅመው በመጀመሪያ ይህ ነው። ችግሩ ግን የመድኑ ክፍያ የሚሰላው በካርድ፣ በምርመራና በመድኃኒት በመሆኑ፣ የአንድ ሰዓት ንግግር ራሱን የቻለ የክፍያ መስመር የሌለው መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያው ነርሱ ለአንዲት ታካሚ አንድ ሰዓት ቢሰጥም ለአሥር ደቂቃ ምርመራ የሚያገኘውን ያህል ብቻ ያገኛል፤ ስለዚህ ምክክሩ ተከልክሎ ሳይሆን ተጨናንቆ ይጠፋል። በግል የምክክር ማዕከላት የሚሰጠው አገልግሎት በአብዛኛው ከማኅበረሰብ አቀፍ መድኑ ውል ውጭ ስለሆነ በየቀጠሮው ከኪስ ይከፈላል።

በሌሎች አገሮች ገደቡ በግልጽ ቁጥር ወይም በሕግ ይወሰናል። በአውስትራሊያ የመንግሥት መድን በሐኪም ዕቅድ ለተላከ ሰው በዓመት እስከ 10 የግል የምክክር ቀጠሮዎችን ይደግፋል፤ በጀርመን አጭሩ ሕክምና ሁለት ጊዜ በ12 ቀጠሮዎች ተከፍሎ ይፈቀዳል፤ በአሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የእኩልነት ሕግ በሕጉ ሥር ያሉ መድኖች ለአእምሮ ሕክምና ከአካል ሕክምና የጠበቀ የቀጠሮ ገደብ እንዳያደርጉ ይከለክላል። በእኛ አገር ተቆጥሮ የተወሰነ ምክክር በይበልጥ የሚገኘው በእርዳታ ድርጅቶች ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት በጭንቀት ላሉ ሰዎች ያዘጋጀው የችግር አፈታት ምክክር የሚፈጸመው በአምስት ሳምንታዊ ቀጠሮዎች ነው። አምስት ቀጠሮ ጉድለት አይደለም፤ ዘዴው ራሱ ለአምስት የተሠራ ነው። ነገር ግን ከአምስተኛው በኋላ ያልተሻላትን ሴት ማን እንደሚረከባት ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት መታወቅ አለበት።

ደመወዝተኛ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ በባቱ የአበባ እርሻ የሚሠራ ወይም በመቂ ባንክ ያለ ሠራተኛ፣ በሌላ በር ይጠይቃል። አሠሪው ከመድን ኩባንያ የገዛው የቡድን ሕክምና ፖሊሲ ካለ፣ የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩበትን ገጽ ከሰው ኃይል ክፍል ወስዶ ማንበብ፣ የአእምሮ ሕመም በስሙ መገለሉን፣ ዓመታዊ የገንዘብ ጣሪያውንና ቅድሚያ ፈቃድ መጠየቁን ማየት አለበት። ለመደበኛ ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን ማስፈጸሚያ የሆነው ደንብ ቁጥር 271/2005 ከዕፅ ሱስ ጋር የተያያዘ ሕክምናን ከሽፋን ውጭ አድርጎ ነበር፤ ጫት፣ አልኮልና ሳይኮሲስ በአንድ ወጣት ላይ በሚደራረቡበት አካባቢ እንዲህ ያለ አንቀጽ ከባድ ነው፣ ስሕተትም ይመስላል፣ ምክንያቱም ሱሱን ከሕመሙ ለይቶ ማከም አይቻልም። የማኅበረሰብ አቀፍ መድን አባልም በወረዳው መመሪያ ተመሳሳይ ክልከላ መኖሩን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ጥያቄ በአንድ ማለዳ ሊያልቅ የሚችል ነው። የዱግዳ ወረዳ ጤና መድን ጽሕፈት ቤትና የመቂ ጤና ጣቢያ የሠለጠነውን ባለሙያ የሥራ ቀኖች፣ ውል ያላቸውን ሆስፒታሎች ስምና መድኃኒት በሌለ ጊዜ የሚኬድበትን መድኃኒት ቤት በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈው በካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ታካሚ ያለበት ቤተሰብም እስከዚያው ድረስ ደብተሩን ይዞ፣ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ።